«ባንኩ እያደገ ነው» ብቻውን ዋጋ አይሆንም፦ ከዲቪደንድ የአክሲዮን ዋጋ ሲያወጡ የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

አዳማ ውስጥ የሚያውቁት ነጋዴ የባንክ አክሲዮኑን ሊሸጥልዎ ነው እንበል። ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው 1,000 ብር ነው። እሱ ግን 1,900 ብር ይላል። «ባንኩ እያደገ ነው፣ ነገ አታገኘውም» ይልዎታል።

እድገቱን ወደ ብር መቀየር ይቻላል። ዲቪደንዱ ለጥቂት ዓመታት በፍጥነት ያድጋል፣ ከዚያ በቋሚ መጠን ይቀጥላል ብለን እንነሳ። በቅርቡ የተከፈለው 100 ብር ነው። ለ3 ዓመት በ25%፣ ከዚያ በኋላ ለዘለቄታው በ8% ያድጋል። እርስዎ ደግሞ ከገንዘብዎ በዓመት 18% ይፈልጋሉ። ከታች D ለአንድ አክሲዮን የሚከፈለው ዲቪደንድ፣ P የአክሲዮኑ ዋጋ ነው፤ አጠገባቸው ያለው ቁጥር ዓመቱን ያሳያል፣ 0 ዛሬ ነው። የወደፊቱን ብር ወደ ዛሬ ለመመለስ ለእያንዳንዱ ዓመት አንዴ ለ 1.18 እናካፍለዋለን።

```
D1 = 125.00   D2 = 156.25
D3 = 195.31   D4 = 210.94
P3 = D4 / (0.18 - 0.08) = 2109.38
P0 = D1/1.18 + D2/1.18^2 + (D3 + P3)/1.18^3
P0 = 1620.85
```

ስለዚህ በእነዚህ ግምቶች አክሲዮኑ 1,621 ብር ገደማ ያወጣል። ስህተቶቹ የሚገቡት እዚህ መንገድ ላይ ነው።

P3ን በ4 ዓመት ወደ ዛሬ መመለስ

በፈተናም በሥራም በብዛት የማየው ይሄን ነው። ሰው «D4ን ስለተጠቀምኩ 4 ዓመት ነው» ይላል። የ P3 ቀመር ግን የሚሰጠን የመጀመሪያው ዲቪደንድ ከመከፈሉ ከ1 ዓመት በፊት ያለውን ዋጋ ነው። D4 በ4ኛው ዓመት መጨረሻ የሚከፈል ከሆነ፣ የተገኘው ዋጋ የ3ኛው ዓመት መጨረሻ ነው። በ4 ዓመት ከመለሱት መልሱ ወደ 1,425 ብር ይወርዳል። ወደ 196 ብር በከንቱ ጠፋ ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ P3 እና D3 ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዓመት ይቆጠርላቸዋል።

D3ን በ D4 ቦታ ማስገባት፣ D0ን መደመር

D3ን በቀጥታ ለ 0.10 ካካፈሉ መልሱ 1,526 ብር ይሆናል። 3ኛው ዓመት ካለቀ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ የ8% እድገት ዘለሉት ማለት ነው። D0 ደግሞ የሻጩ ኪስ ገብቷል፤ ከዋጋው ጋር አይደመርም። ዲቪደንዱ ታውጆ ገና ካልተከፈለ ግን ማን እንደሚወስደው ከመዋዋልዎ በፊት ይጠይቁ። ያኔ የመቶ ብር ጉዳይ ነው።

የዘለቄታውን እድገት ለጥጦ መያዝ

በምሳሌያችን ከ1,621 ብሩ ውስጥ 1,284 ያህሉ፣ ማለትም 79%፣ የመጣው ከ P3 ነው። 8%ን ወደ 10% ብቻ ከፍ ያድርጉት፤ ዋጋው 1,972 ብር ይሆናል። የሻጩ 1,900 በአንዴ ርካሽ መሰለ! ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ይዘው አይደራደሩ፤ በ6%፣ በ8% እና በ10% አስልተው ልዩነቱን ይዩት። 25%ን በዘለቄታው ቀመር ውስጥ ካስገቡ ደግሞ 18 ሲቀነስ 25 ነገሩን ከዜሮ በታች ይወስደዋል። የሚወጣው ኔጌቲቭ ዋጋ ምንም ትርጉም የለውም።

የባንኩን እድገት የአክሲዮኑ እድገት ማድረግ

እኔ ከሁሉም የምፈራው ይሄን ነው፤ ቀመሩን አሳምሮ የሚሠራ ሰውም ይወድቅበታል። 25% የሚለው ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ከዓመታዊ ሪፖርቱ፣ «ትርፋችን በዚህን ያህል አደገ» ከሚለው ገጽ ነው። ያ የባንኩ ጠቅላላ ትርፍ ነው። እርስዎ የሚገዙት ግን አንድ አክሲዮን ነው።

ባንኮቻችን አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ፣ ዲቪደንዱንም ወደ አክሲዮን ሲቀይሩ ቆይተዋል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ማድረጉም ይህን አባብሶታል። ኬኩ አደገ፣ ቆራጩም በዛ።

ትርፉ በ25% ሲያድግ የአክሲዮኑ ብዛት በ16% ቢጨምር፣ 1.25 ለ 1.16 ሲካፈል 1.078 ነው። ከትርፉ ለባለአክሲዮን የሚከፈለው መቶኛ ካልተለወጠ የአንድ አክሲዮን ዲቪደንድ ያደገው ከ8% በታች ነው። ፈጣን የተባለው ዘመን እርስዎ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ 8% ብለው ቢያሰሉት 108 ለ 0.10 ሲካፈል 1,080 ብር ነው። ከ1,621 ጋር ያስተያዩት።

ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ የአንድ አክሲዮን ትርፍ የሚለውን መስመር ይፈልጉ፣ የጥቂት ዓመታቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጡ። መስመሩን ካጡት ጠቅላላ የተከፈለውን ዲቪደንድ ለአክሲዮኖቹ ብዛት ያካፍሉ። ባንኩ በዓመቱ መሀል የሸጣቸው አዲስ አክሲዮኖች ሙሉ ዲቪደንድ ስለማይደርሳቸው በዓመቱ መጨረሻ ባለው ብዛት ብቻ ካካፈሉ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታያል። ያን ግምት ውስጥ ያስገቡና ወደ ሻጩ ይመለሱ።