በሎሚ ወይም በአቼቶ ለስላሳ አይብ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ለዚህ አይብ ወተት፣ ሎሚ ወይም አቼቶ፣ ትንሽ ጨውና እሳት ይበቃል። ቢሆንም ብዙ ሰው ሠርቶት እጁ ላይ የሚቀረው ዳቦ ላይ የሚቀባ ለስላሳ አይብ ሳይሆን ደረቅና ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ ፍርፋሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የወተቱ አይደለም። ሎሚው በአንዴ ይገለበጣል፣ ድስቱም እሳት ላይ እንዳለ ይማሰላል። አይቡ ለስላሳ ይሁን ደረቅ የሚለየው ሎሚው ከገባ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ እኔም በሌላው ቶሎ አልፌ እዚያ ላይ እቆያለሁ።

የምንሠራው በ2 ሊትር ወተት ነው። ቅባቱ ያልወጣለት ሙሉ ወተት ይሁን። ቅባቱ የወጣለት ወተትም ይረጋል፣ ግን አይቡ ደረቅ ይሆናል፣ መጠኑም ያንሳል። ፓስቸራይዝ የተደረገ ወተት ምንም ችግር የለውም። ፍሪጅ ሳይገባ ለወራት እንዲቆይ ተደርጎ የታሸገውን ወተት ግን ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። እሱ ፋብሪካ ውስጥ እጅግ በጣም ሞቆ የወጣ ነው፣ ስለዚህ ፕሮቲኑ ቀድሞ ተለውጧል። ሲረጋ ደቃቅ ይሆንና ግማሹ ከሻሹ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ከዚህ ሌላ 6 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ አዘጋጁና በወንፊት አጥልሉት። በሎሚ ቁጥር አትሂዱ፣ አንዱ ሎሚ ብዙ ጭማቂ ሲሰጥ ሌላው ጠብ አይለውም። በአቼቶ ከሆነ ደግሞ ተራው፣ 5 በመቶ የሚለው ነጭ አቼቶ ይሁንና ከ4 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ ያዙ። ጠርሙሱን ሳታነቡ አትጠቀሙ፣ ምክንያቱም ከዚህ በጣም የበረታና መጀመሪያ በውኃ መቅጠን ያለበት አለ። ሎሚ ጥሩ ሽታና ቀለል ያለ ኮምጣጣ ጣዕም ይተዋል። ለሚጣፍጥ ነገር፣ በማር ለሚበላም፣ እኔ ሎሚን እመርጣለሁ። አቼቶ ግን በትክክል ከተለካ ጣዕሙ ብዙም አይታወቅም፣ ጥንካሬውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል።

የመረጣችሁትን በእኩል መጠን ውኃ አቅጥኑት። ይቺ ትንሽ ነገር ትልቅ ለውጥ ታመጣለች። ያልቀጠነ ሎሚ ያረፈበትን ቦታ ወዲያው ያደርቀዋል፣ የቀረው ወተት ደግሞ ገና ምንም አልሆነም። የቀጠነው ግን እኩል ይሰራጫል።

ድስቱ ወፍራም መቀመጫ ያለው የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን። አሉሚኒየም ከኮምጣጣ ነገር ጋር አይስማማም፣ አይቡ ላይ የብረት ጣዕም ሊያመጣ ይችላል። ወተቱን ከመጨመራችሁ በፊት ድስቱን በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁትና ሳታደርቁት ወተቱን ገልብጡበት፣ ማረሩን ይቀንሳል።

አሁን መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱት። በእንጨት ማንኪያ የድስቱን ታች እየነካችሁ ቶሎ ቶሎ አማስሉ፣ ምክንያቱም ወተት የሚያርረው ከታች ነው፣ አንዴ ካረረ ደግሞ ሽታው ከአይቡ አይወጣም። ማንኪያው ታች ላይ ሻካራ ነገር ከነካ መያዝ ጀምሯል ማለት ነው። እሳቱን ቀንሱ፣ ያንን ቦታም አትፋቁት። የያዘው እዚያው ይቅር።

የምንፈልገው ሙቀት ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ወተቱን እዩት። እንፋሎቱ ይበዛል፣ በድስቱ ጠርዝ ዙሪያ ደቃቅ አረፋ ይሰለፋል፣ መሐሉም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በጣም ከፍታ ቦታ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ወተቱ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ 90 ሲደርስ ለመገንፈል ቅርብ ነው፣ ከአጠገቡ አትራቁ። እዚህ ሙቀት ላይ ሲደርስ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ 5 ደቂቃ ያህል እዚያው አቆዩት።

ይህ ሙቀት ለምን አስፈለገ? ወተት ውስጥ ሁለት ዓይነት ፕሮቲን አለ። ብዙው፣ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው፣ ኬዚን የሚባለው ነው፤ ኮምጣጣ ሲነካው ይረጋል። የቀረው ግን ኮምጣጣ ብቻውን አያረጋውም፣ ከአጓቱ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ወተቱ በደንብ ሲሞቅ ይኼኛው ፕሮቲን ይፈታና ከኬዚኑ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ሎሚው ሲገባ ሁለቱም አብረው ይረጋሉ። በዚህ ምክንያት አይቡ ይበዛል፣ ውኃም በደንብ ስለሚይዝ ይለሰልሳል። 60 ዲግሪ ላይ ሎሚ የጨመረ ሰው አይብ አያጣም፣ ግን ትንሽ ያገኛል።

5 ደቂቃው ሲያልቅ እሳቱን አጥፉ። ድስቱን ከምድጃው ብታወርዱት ይመረጣል። የቀጠነውን ሎሚ በሐሳባችሁ ሦስት ቦታ ክፈሉት።

የመጀመሪያውን ሲሶ በቀጭኑ፣ ድስቱን እየዞራችሁ አፍስሱ። ማንኪያውን ከታች ወደ ላይ ሁለት ሦስቴ ብቻ ቀስ ብላችሁ አዙሩና አቁሙ። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ላይ ላዩን ምንም የተለወጠ አይመስልም። ማንኪያውን አውጥታችሁ ጀርባውን ብታዩት ግን ወተቱ እንደ ቅድሙ ልሙጥ ሆኖ አይወርድም፣ ደቃቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ይህ ከታየ በትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ።

ሁለተኛውን ሲሶ በዚሁ መልክ ጨምሩ። አሁን ወተቱ ወፈር ይላል፣ መቆራረጥም ይጀምራል። በነጫጮቹ መሐል ያለው ፈሳሽ ግን ገና ወተት ነው የሚመስለው። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፣ «አልሠራም» ብሎ የቀረውን ሁሉ ይገለብጣል። ደቂቃዋን ታገሱ።

ከሦስተኛው ሲሶ ደግሞ በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩና በየመሐሉ ፈሳሹን እዩት። የሆነ ጊዜ ላይ ድንገት ይለያል፤ ነጩ ይሰበሰባል፣ በመሐሉ ያለው ፈሳሽ ወደ ቢጫ አረንጓዴ የሚያደላ፣ የማንኪያውን ታች የሚያሳይ ጥሩ አጓት ይሆናል። ያኔ አቁሙ። ሎሚው ቢተርፍም ይትረፍ። ከዚህ በኋላ የምትጨምሩት ሁሉ አይቡን ያኮመጥጠዋል እንጂ መጠኑን አይጨምረውም፣ ፍርፋሪውም እየደነደነ ይሄዳል።

ሎሚው አልቆም አጓቱ ወተት ከመሰለስ? መጀመሪያ ሙቀቱን ጠርጥሩ። ቀዝቅዞ ከሆነ ድስቱን በትንሽ እሳት ላይ መልሳችሁ ሳታማስሉ አንድ ሁለት ደቂቃ አሙቁት፣ ብዙ ጊዜ በዚሁ ይለያል። እንፋሎቱ አሁንም ጥሩ ከሆነ ግን የጎደለው ኮምጣጣ ነውና አንድ ተጨማሪ ማንኪያ አቅጥናችሁ ጨምሩ።

አንዴ ከተለየ ክዳኑን ግጠሙና 10 ደቂቃ አትንኩት። የረጋው በራሱ ጊዜ እየተያያዘ ትላልቅ፣ ልስልስ ያለ ሆኖ ይሰበሰባል። አሁን ካማሰላችሁት ይሰባበርና ውኃውን ይለቃል። አሁን ካፈላችሁት ደግሞ ፕሮቲኑ ይኮማተርና ላስቲክ ይሆናል።

ወንፊት ላይ ንጹሕ ሻሽ ሁለት እጥፍ አንጥፉ፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ዕቃ አድርጉ። ወተቱ ሲሞቅ አብዛኛው ጀርም ሞቷል፣ ከዚህ በኋላ የሚገባው ከሻሹና ከእጃችን ነው፤ ስለዚህ ሻሹን በፈላ ውኃ ነክራችሁ ጭመቁት። ድስቱን እንዳለ አትገልብጡ። የረጋውን በጭልፋ እያነሳችሁ ሻሹ ላይ አስቀምጡ፣ መጨረሻ ላይ የቀረውን አጓት ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት።

ከዚህ በኋላ የሚወስነው ሰዓት ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከተንጠፈጠፈ ርጥብ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ አይብ ነው። ግማሽ ሰዓት ከሆነው ይጠነክርና ሰላጣ ላይ የሚፈረፈር ይሆናል። ሻሹን አስራችሁ ከላይ ከባድ ነገር ብትጭኑበት ደግሞ በቢላ የሚቆረጥ ይሆናል። ለስላሳ ከፈለጋችሁ በእጅ አትጭመቁት። ሲቀዘቅዝም ስለሚጠነክር ገና ትንሽ ርጥብ ነው ስትሉ አንሱት። ዘግይታችሁ ከደረቀባችሁም መላ አለው፤ ከአጓቱ ወይም ከክሬም አንድ ሁለት ማንኪያ መልሳችሁ በሹካ አዋሕዱት።

ጨው የሚገባው አሁን ነው፤ ከተንጠፈጠፈ በኋላ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምራችሁ ቅመሱ። ከ2 ሊትር ወተት ከ350 እስከ 400 ግራም አካባቢ ይወጣል፣ እንደ ወተቱ ቅባትና እንደተንጠፈጠፈበት ሰዓት ከዚህ ከፍ ዝቅ ይላል። አነሰ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ወተት አብዛኛው ውኃ ነው።

ይህ አይብ እሳት ላይ አይቀልጥም። ኮምጣጣው ፕሮቲኑን አያይዞ የነበረውን ካልሲየም ስለሚያወጣው መጥበሻ ላይ ብታደርጉት ይቀላል እንጂ አይሳብም። ለፒዛ እንደሚቀልጥ አይብ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ወጥ ወይም ሾርባ ውስጥ ግን ቅርጹን ይዞ ይቆያል።

ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። በየጊዜው በንጹሕ ማንኪያ አውጡለት። የሚያዝለገልግ ነገር ከታየበት፣ ሮዝ ወይም ሌላ ቀለም ካመጣ፣ ወይም ሽታው ከተለወጠ ሳትቀምሱ ጣሉት። ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ የሚሆነው አጓት ደግሞ አይደፋ። ሲቀዘቅዝ በውኃ ፋንታ ዳቦ ይቦካበታል። ትንሽ ስለሚኮመጥጥ ሾርባ ላይ ሲጨመርም ጥሩ ነው፣ ግን በአንዴ ሳይሆን እየቀመሳችሁ ጨምሩት።