ሃርድ ዲስኬ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሶፍትዌር ልሞክር ወይስ ላብራቶሪ ልውሰደው?

የእህቴ 1 ቴራባይት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ የልጆቿ ፎቶ ሁሉ ነበር። ስታመጣልኝ አልፎ አልፎ ቀጭ ይላል፣ ፎልደሮቹ ግን ዘግይተውም ቢሆን ይከፈቱ ነበር። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ሶፍትዌር ከፍቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያስስ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ፍለጋው 4 በመቶ ላይ ቆሟል፤ ዲስኩ ያለማቋረጥ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ዳታ ወደሚያድን ላብራቶሪ ወስጄው ሲከፈት ዳታው የሚጻፍበት ሳህን ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው ጭረት ተገኘ። ከፎቶዎቹ አንድም አልተረፈም። ይህን የምጽፈው ያን ሌሊት ማንም እንዳይደግመው ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነት ዲስክ ሳህን በደቂቃ 5400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ጊዜ ይዞራል። ዳታውን የሚያነበው ሄድ ሳህኑን ሳይነካ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል። ሄዱ ተጎድቶ ሳህኑን ከነካ በእያንዳንዱ ዙር ይፍቀዋል። የሚፈቀው ሽፋን ደግሞ ዳታው የተጻፈበት ራሱ ነው። የተፋቀውን ሶፍትዌርም ሆነ ላብራቶሪ አይመልሰውም።

1. መጀመሪያ አድምጡ

ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ስትሰኩት ጆሮአችሁን ጠጋ አድርጉ። ደህና ዲስክ ሲነሳ ለስላሳ የመዞር ድምፅ ያሰማል፣ አንድ ሁለቴ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ይረጋጋል።

እኩል ምት ጠብቆ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ካለና ከጥቂት ሙከራ በኋላ መዞሩን ካቆመ፣ ሄዱ ቦታውን የሚያውቅበትን ምልክት ሳህኑ ላይ ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። ቀጭን ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ለመዞር እየታገለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሄዱ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ነው። ብረት ሲፋቅ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ እስከሚቀጥለው ሰከንድ ሳትጠብቁ ንቀሉት። ከእነዚህ አንዱ ካለ ምርመራው እዚህ ያበቃል፤ ዲስኩ የላብራቶሪ ነው። ከታች ያሉትን ደረጃዎች አትሞክሩ።

ምንም ድምፅም ንዝረትም ከሌለ ሌላ ገመድና ሌላ ወደብ አንድ ጊዜ ሞክሩ። ካልተነሳ ብዙ ሰው ከተመሳሳይ ዲስክ ሰርኪዩት ቦርድ ነቅሎ ይገጥማል። በዛሬዎቹ ዲስኮች ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ቦርዱ ላይ ያለች ቺፕ የዚያን ዲስክ ብቻ ልኬት ስለያዘች ወደ አዲሱ ቦርድ መዛወር አለባት። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባትንም እርሱት፤ ሲወጣ እርጥበት ሳህኑ ላይ ይቋጥራል።

2. ስሙንና መጠኑን እዩ

ኮምፒውተሩ ዲስኩን በትክክለኛ ሞዴሉና በትክክለኛ መጠኑ ያውቀዋል? 1 ቴራባይቱ 0 ባይት ከሆነ፣ ወይም በሞዴሉ ፈንታ የማታውቁት ስም ከመጣ፣ ዲስኩ ሳህኑ ላይ የተቀመጠውን የራሱን ፈርምዌር ማንበብ አቅቶታል። ተራ ሶፍትዌር እዚያ አይደርስም። ዊንዶውስ «ፎርማት ይደረግ?» ሲል እምቢ በሉ፤ `chkdsk` ደግሞ ፈጽሞ አታስነሱ፤ ለመጠገን ሲሞክር እየደከመ ባለ ዲስክ ላይ ይጽፋል።

3. ዲስኩ ስለራሱ የመዘገበውን አንብቡ

ከዚህ በኋላ ያለውን በሊኑክስ ከፍላሽ አስነስታችሁ ብትሠሩት ይሻላል፤ ዊንዶውስ ዲስኩን ሳትጠይቁት ይነካካል። የዲስኩን ስም በ`lsblk` አረጋግጡ፤ እዚህ `/dev/sdb` ነው ብለን እንያዝ።

```
sudo smartctl -a /dev/sdb
```

ከላይ `PASSED` ስላለ አትዘናጉ፤ ሊሞት የደረሰ ዲስክም ይህን ቃል ያሳያል። የሚጠቅማችሁ መለያው 197 የሆነው መስመር መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ማንበብ ያቃተው፣ ውሳኔ የሚጠብቅ ሴክተር ብዛት። ጥቂት ከሆነና ዲስኩ ጸጥ ካለ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ብዙ ከሆነና ከደቂቃዎች በኋላ ስታዩት ጨምሮ ካገኛችሁት፣ ዳታው ደግሞ ምትክ የሌለው ከሆነ፣ አጥፉት።

4. አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ቅዱ

የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ፋይል ፈላጊ ሶፍትዌር የታመመውን ዲስክ ደጋግሞ ያስለፋዋል፣ የማይነበብ ቦታ ሲያገኝም እዚያው ይታገላል። `ddrescue` ግን መጥፎውን ቦታ ዘሎ ደህናውን ያስቀድማል፤ ፍለጋው ከዚያ በኋላ በቅጂው ላይ ይደረጋል። ከዋናው የሚበልጥ ባዶ ቦታ ያለው ሌላ ዲስክ አዘጋጁ፣ ወደ እሱ ግቡና እንዲህ በሉ፦

```
sudo ddrescue -n /dev/sdb disk.img disk.map
```

ፍጥነቱን ተከታተሉ። በሰከንድ 80 ሜጋባይት ከሆነ 1 ቴራባይት በ3 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል። ወደ 200 ኪሎባይት ወርዶ እዚያው ከቀረ ግን 58 ቀን ይፈልጋል። የታመመ ሄድ 58 ቀን አይቆይም። ድምፁ ከተለወጠ፣ ወይም ዲስኩ ከሲስተሙ ከጠፋ፣ `Ctrl+C` ተጭናችሁ ንቀሉት።

ከፍጥነቱ ይልቅ የሚናገረው የስህተቱ አቀማመጥ ነው። የተነበበውንና ያልተነበበውን ቦታ የሚመዘግበውን ካርታ፣ `disk.map`ን፣ በ`ddrescueview` ክፈቱት። መጥፎዎቹ ነጥቦች እዚህም እዚያም ከተበተኑ የተጎዱ ሴክተሮች ናቸው፤ በትዕግሥት መቅዳት ይቻላል። ደህናና መጥፎ ክፍል እንደ ጥለት እየተፈራረቀ ከመጣ ግን አንድ ሄድ ሞቷል። ዲስክ ሲጽፍ በአንዱ ሄድ የተወሰነ ክፍል ይጽፍና ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ስለዚህ ከ4 ሄዶች አንዱ ቢሞት ከእያንዳንዱ ዙር ሩብ ያህሉ ይጎድላል። የሞተ ሄድ በድግግሞሽ አይነሣም፤ መለወጥ አለበት።

ከእህቴ ዲስክ በኋላ የባልደረባዬ ዲስክ መጣልኝ። ቅጂው በሰከንድ 110 ሜጋባይት ጀመረ፣ ቀጥ አለ፣ ዘሎ ቀጠለ፣ እንደገና ቀጥ አለ። በ20 ደቂቃ አቁሜ ካርታውን ሳየው ጥለቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ዲስኩን ያን ቀን ዳግም አላስነሳሁትም። ላብራቶሪው ጤነኞቹን ሄዶች ብቻ ተጠቅሞ የእነሱን ድርሻ አስቀድሞ ቀዳ፤ የቀረውን ከተመሳሳይ ዲስክ ሄድ ቀይሮ አወጣ። ሳህኑ ስላልተጫረ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተረፈ።

5. ስታስረክቡ

ያደረጋችሁትን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ ወድቆ ከሆነም ጭምር። የጀመራችሁትን ቅጂና ካርታ አብራችሁ ስጡ። «ሄድ ለሄድ ለይታችሁ መቅዳት ትችላላችሁ? የምትከፍቱት ከአቧራ በጸዳ ክፍል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ሶፍትዌር እናስሮጥበታለን» ብቻ ከሆነ ዲስኩን ይዛችሁ ውጡ። ለመንገዱ ስታቲክ በሚከላከል ከረጢት አድርጋችሁ፣ ዙሪያውን ስፖንጅ ጠቅጥቃችሁ፣ የማይናወጥበት ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት።