የማስረከቢያ ሰዓትን በደንበኛው አገር ሰዓት መዝግቡ

አንዱ ደንበኛ ከበርሊን፣ ሌላው ከኒውዮርክ «አርብ 5:00 PM» ሲሏችሁ በጭንቅላታችሁ አታስሉት። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ስለሚለይ ስሌቱ ድርብ ይሆናል፤ እኔም አንድ ጊዜ ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ተቀምጬ በዚሁ ስሌት ተሳስቻለሁ።

በጉግል ካላንደር ቀጠሮውን ስትከፍቱ `Time zone` የሚለውን ነክታችሁ የደንበኛውን ከተማ ምረጡ፤ ሰዓቱን እሱ እንዳለው 5:00 PM ብላችሁ ጻፉ። ካላንደሩ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ይለውጠዋል። በሐምሌ የበርሊኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ የኒውዮርኩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይውላል። የተጋጩ የሚመስሉት ሥራዎች የስድስት ሰዓት ልዩነት አላቸው፤ የበርሊኑን ታስቀድማላችሁ።

ዋናው ጥቅሙ ግን በጥቅምት ይታያል። እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ እኛ አንነካም፤ የኒውዮርኩ ወደ ሌሊቱ 7 ይሸጋገራል። በየሳምንቱ የሚደጋገም ቀጠሮም ራሱ ይስተካከላል።

`All day` ከተመረጠ ግን አይሠራም፤ ያ ቀን እንጂ ሰዓት አይዝም። ለአገር ውስጥ ደንበኛም አያስፈልግም፤ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ካላችሁ 2:00 PM ብላችሁ መዝግቡ።