ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት መነሳት፦ ፊኛውን ከመውቀስ በፊት እግር ይታይ

የምሠራው ከካራ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ፣ የግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ነው። "ሽንት ሌሊት አላስተኛኝ አለ" የሚል ሰው የማይመጣበት ሳምንት የለም። አብዛኛው ምክንያቱን ራሱ ወስኖ ነው የሚመጣው። ወይ "ብርድ ነው" ይላል፣ ወይ "ፕሮስቴት ነው"። አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ፣ ሳይመረመር ሲፕሮ ተሽጦለት፣ ጨርሶት ነው የሚመጣው። ሽንቱ ሳያቃጥል፣ ትኩሳት ሳይኖረው ሲፕሮ ምን ይሠራለታል? ይህን የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል።

ማታ ውሃ፣ ቡናና ቢራ ማብዛት ሽንት እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። እሱን አልፌዋለሁ።

መጀመሪያ ይለካ

ሚሊ ሊትር የተጻፈበት የላስቲክ ጆግ ግዙና ለዚሁ ብቻ ይሁን። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን፣ ቀንም ሌሊትም የሸናችሁትን ከነሰዓቱ ጻፉ። ልትተኙ ስትሉ የምትሸኑት ከቀኑ ይደመራል። ጠዋት ስትነቁ የመጀመሪያው ግን የሌሊት ነው፤ ሌሊት የተጠራቀመ ነውና። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሒሳቡም ይበላሻል።

በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ከሆነ

ችግሩ ፊኛው ወይም መውጫው ላይ ነው። ወንድ ከሆነ፣ ሽንቱ ለመጀመር የሚዘገይ፣ ቀጭንና የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ሸንቶም ያልጨረሰ ከመሰለው ፕሮስቴት ይጠረጠራል። የሚያቃጥልና የሚሸት ከሆነ ይመርመር። ጨርሶ አልወጣ ካለ ግን ነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ደም ያየም አይጠብቅ።

ቀንም ሌሊትም ብዙ ከሆነ

ጥማት ካለ፣ ኪሎም ከቀነሰ ስኳር ይለካ።

ቀን ትንሽ፣ ሌሊት ብዙ ከሆነ

እኔ ጋ ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው የ24 ሰዓት ሽንቱ ከሲሶ በላይ ሌሊት ከወጣ፣ ፊኛው ሥራውን እየሠራ ነው። ጥፋቱ ኩላሊት ሌሊት ብዙ ሽንት እንዲያመርት የሚያደርገው ነገር ላይ ነው።

አንድ ጋሼ ነበሩ፣ ስልሳዎቹን ያጋመሱ፣ ባለ ሱቅ። ከጠዋት እስከ ማታ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው፤ ክረምት ጭቃው አያሳልፍም፣ ውሻውም ይፈታል። "ከ11 ሰዓት በኋላ ጠብታ ውሃ አልቀምስም፣ ግን እነሳለሁ" አሉኝ። ለክተው ሲመጡ ወረቀቱ ይህን ይላል፦ ቀን ከመኝታ በፊት ያለውን ጨምሮ 700 ሚሊ ሊትር። የሚተኙት ምሽት 4 ሰዓት ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 400፣ 8 ሰዓት ላይ 350፣ 10 ሰዓት ላይ 300፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 300። የሌሊቱ 1350፣ ጠቅላላው 2050። ሁለት ሦስተኛው ሌሊት ነው የወጣው! ማታ ካልጠጡ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?

ካልሲያቸውን አውልቁ አልኳቸው። የካልሲው ላስቲክ ዙሪያውን ጎድጉዶ ታትሟል። አጥንቱ ላይ በአውራ ጣቴ ተጭኜ እስከ አሥር ቆጠርኩና ለቀቅኩ፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ እንዳለ ቀረ። ውሃው እዚያ ነው ያለው። ሰው ተቀምጦ ሲውል ውሃና ጨው ከደም ሥር ወጥቶ እግር ላይ ይጠራቀማል። ማታ ጋደም ሲል ወደ ደም ይመለሳል። ልብ ደሙ መብዛቱን ያውቃል፤ ኩላሊትም ትርፉን ያስወጣል። ስለዚህ ማታ ውሃ መተው ብቻውን አልረዳቸውም፤ ሌሊት የሚሸኑት ቀን የጠጡትን ነው።

የመድኃኒት ፌስታላቸውን ዘረገፍነው። ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ የሚያሸና የግፊት ኪኒን ነው። ፖስታው ላይ "በቀን 1" ብቻ ተጽፏል፤ ሰዓት የለውም። ጋሼ ከራት በኋላ ነበር የሚውጡት። ሰዓት ሳይጽፉ መስጠት ምን ዓይነት ሥራ ነው? ሁለተኛው አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም፣ እግር በማሳበጥ የታወቀ ነው።

የተደረገው ይኸው ነው። የሚያሸናው ኪኒን ወደ ጠዋት ዞረ። (ላሲክስ የሚባለው ሌላ የሚያሸና ኪኒን የታዘዘለት ሰው ግን ሐኪሙ ከፈቀደ ከመኝታ ስድስት ሰዓት ገደማ ቀድሞ ቢወስደው፣ ማለትም 4 ሰዓት ለሚተኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ እግር ላይ ያለው ውሃ ከመኝታ በፊት ይወጣለታል።) አምሎዲፒኑን ሐኪሙ አይቶ ወደ 5 አወረደው፤ ግፊታቸውም በየሳምንቱ ተለካ። ይህን በራሳችሁ እንዳታደርጉ። ኪኒን አቁሞ ግፊቱ ጣሪያ የነካ ሰው በቃሬዛ ሲመጣ አይቻለሁ።

ሦስተኛው እግር መስቀል ነው። ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ ሱቁ ጓዳ ያለው አግዳሚ ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ እግራቸውን የሳሙና ካርቶን ላይ ያደርጋሉ። እግር ከልብ እኩል ወይም ከፍ ማለት አለበት። ተቀምጦ በርጩማ ላይ መዘርጋት ብዙም አይጠቅምም። ደንበኞች ሳቁባቸው፤ እሳቸው ግን ከመኝታ በፊት ሁለት ጊዜ መሽናት ጀመሩ። ራት ላይ ጨው ተቀነሰ። ሾርባና አጥሚትም እንደ ውሃ ተቆጠረ፤ "እኔ ውሃ አልጠጣም" እያሉ አንድ ትልቅ ኩባያ አጥሚት የሚጨርሱ ብዙ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚነሱት አንዴ፣ አልፎ አልፎ ሁለቴ ሆነ።

የሚያጠብቅ ካልሲም ይረዳል፣ ጠዋት ሳይነሱ ተደርጎ ማታ የሚወልቅ። ግን በልክ የተገዛ ይሁን። መንገድ ላይ የሚሸጠው አፉ ብቻ የሚያንቅ ነው፤ እሱ እግሩን ጭራሽ ያሳብጠዋል። ሲራመድ ባቱን የሚያመው ወይም እግሩ የሚቀዘቅዝ ሰው ሐኪም ሳያየው አያድርግ።

አሁን ማስጠንቀቂያ። ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው፣ በሁለት ትራስ የሚተኛ ሰው እግር ሰቅሎ አይሞክር፤ ልቡ ይታይ። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ ያኑ ቀን ይኬድ። ሽንት ፈርታችሁ ቀኑን ሙሉ ውሃ አትተዉ፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ ጠጠርም ያመጣል።

እግሩ ያላበጠ፣ ግን ሌሊት ብዙ የሚሸና ሰውም አለ። የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል፤ አብሮት የሚተኛውን ጠይቁ። በጾም እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ የቀኑን ውሃ ሁሉ ማታ የሚጠጣም ተመሳሳይ ወረቀት ያመጣል። እሱ ከ9 እስከ 1 ሰዓት ድረስ ከፋፍሎ ይጠጣ።

ነገሩ እስኪስተካከል ፖፖ አልጋ ሥር ይቀመጥ። አታፍሩ። የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ከእንቅልፉ ዘሎ ሲነሳ ያዞረዋል፣ በጨለማ ደረጃ ላይም ይወድቃል። አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ ብሎ፣ መብራት አብርቶ ይነሳ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ ደግማችሁ ለኩና ወረቀቱን፣ የምትወስዱትንም መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ኑ።