ደንበኛ የሚከፍልበት ቀን ሲያልፍ እንዲህ ጻፉለት

"ስለ ክፍያው ላስታውስዎ ብዬ ነው" ብቻ ብላችሁ አትላኩ። አንብበው ያልፉታል። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበቱ? ለብሮሸሩ ሥራ የላክሁት ኢንቮይስ ቁጥር 047፣ 38,500 ብር፣ መከፈል የነበረበት ጥቅምት 5 ነው። ዛሬ 12 ቀን አልፎታል። ኮፒውንና የባንክ ሒሳብ ቁጥሬን አያይዣለሁ። እስከ ዓርብ ጥቅምት 21 እንዲያስገቡልኝ እጠይቃለሁ። ዊዝሆልዲንግ ከቀነሱ ደረሰኙን ይላኩልኝ። የጎደለ ሰነድ ካለ ዛሬውኑ ይንገሩኝ።"

የመጨረሻዋን መስመር እንዳትተዉ። ብዙ ጊዜ ክፍያው የሚዘገየው ደንበኛው እንቢ ብሎ ሳይሆን ወረቀቱ ፋይናንስ ክፍል ሳይደርስ ቀርቶ ነው። ስለዚህ ለሒሳብ ሠራተኛውም በግልባጭ ላኩት። "ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት" ግን አይግባ፤ የሠራችሁበትን ነው የምትጠይቁት። ዓርብ ካለፈ ሰኞ ጠዋት ደውሉ።