«አደረሰህ/ሽ» ብለው አይላኩ፤ በበዓል መልእክት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። በዓል ሲቃረብ ሰዎች ስልካቸውን ይዘው ይመጡና «ይሄን በካርድ አትሚልኝ» ይሉኛል። አንዳንዱ ለጎረቤት፣ አንዳንዱ ለሥራ ባልደረባ ነው። አነበዋለሁ። ብዙ ጊዜ ጠዋት ሌላ ሰው ያሳተመው ያው ጽሑፍ ነው።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ የግሱ መጨረሻ ነው። አማርኛ የሚያናግረውን ሰው ሳይለይ እንኳን አደረሰህ ማለት አይችልም። ለወንድ «አደረሰህ»፣ ለሴት «አደረሰሽ»፣ ለትልቅ ሰው «አደረሰዎ»፣ ለቤተሰብ «አደረሳችሁ» ነው። ከቴሌግራም ቻናል የተቀዳ ጽሑፍ ግን ማን ዘንድ እንደሚደርስ አያውቅም። ስለዚህ «አደረሰህ/ሽ» ብሎ በእዝባር ያልፈዋል። አሥር ዓመት አጥር የተጋራችኋት፣ ቡና ስታፈላ ልጅ ልካ የምታስጠራችሁ ሴት ከእናንተ እዝባር ይደርሳታል! ወንድ ትሁን ሴት ያልለየ ሰው የጻፈላት ነው የሚመስለው። ብቻውን ለሚኖር ሰው «ከመላው ቤተሰባችሁ ጋር እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ መላክም ያው ነው።

ደግሞ ለማረም ሞክረው ግማሹን የሚተዉ አሉ። አንድ ወጣት አባት ለጎረቤቱ ለአንዲት አሮጊት የዒድ ካርድ ሊያሳትም መጣ። የመጀመሪያውን መስመር ራሱ «አደረሰዎ» ብሎ አርሞታል። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን «ቤትህ በበረከት ይሙላ» ይላል። አንዷ ሴትዮ እዚያው ካርድ ላይ መጀመሪያ አንቱ ተብለው ኋላ ወንድ ሆኑ። እንዲህ ያለውን በዓይን ብቻ ስታነቡ ያመልጣችኋል። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል።

ማሽኑን አቆምኩና ጠየቅኩት። «በር ላይ ስታገኛቸው ምን ብለህ ነው የምትጠራቸው?»

«እማማ ነው የምላቸው።»

«ዘንድሮ ምን አደረጉልህ?»

ዝም አለ። ከዚያ ክረምት ላይ ልጁ ሌሊት ሲያተኩሰው እሳቸው ዝናብ ላይ ወጥተው ባጃጅ አስቁመው እንደመጡ ነገረኝ። ይሄ ሁሉ እያለው ከቻናል የሰው ግጥም ይዞ መጥቷል። ግጥሙን አጠፋነውና እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ፦

«እማማ፣ እንኳን ለዒድ አደረሰዎ። ያን ሌሊት በዝናብ ወጥተው ባጃጅ ያመጡልንን አንረሳውም። ልጁ አሁን ድኖ ግቢውን ሁሉ ይሮጥበታል። ጠዋት ይዤው እመጣለሁ።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። መጠሪያው በር ላይ የሚላቸው ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለሌላ ለማንም ሰው ሊላክ አይችልም። እኔ የምፈትሸው እሱን ነው፦ ስሙን ብቻ ቀይሬ ለሌላ ጎረቤት ብሰጠው ይሆናል ወይ? ከሆነ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። ቡና ላይ «አንቺ» የምትሏትን ሰው ካርድ ላይ «እርስዎ» አትበሏት፤ የተቀየማችኋት ይመስላታል። በአፋን ኦሮሞ ከምታወሩት ጎረቤት ጋርም በዚያው ጻፉ። እዚያም የግሱን መጨረሻ ተጠንቀቁ፤ ለአንድ ሰው «ባጋ ነጋን ጌሤ»፣ ለብዙ ሰው ወይም ለምታከብሩት «ጌሣን» ነው።

ሌላው ያረጀ ጽሑፍ ነው። የ2017 ዕንቁጣጣሽ ሰሞን «እንኳን ወደ 2017 ዘመነ ዮሐንስ አሸጋገረዎ» የሚል ይዘው መጡ። 2017 ዘመነ ማቴዎስ ነው። ጽሑፉ የ2016 ነበር፤ ቁጥሩን ቀይረው ወንጌላዊውን ረሱት። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ጎረቤት ይሄን በአንድ እይታ ያውቀዋል። ማጣራቱ ቀላል ነው። ዓመቱ ላይ 5500 ደምሩና ለአራት አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። 2018ን ብትሞክሩት 7518 ይሆናል፤ ቀሪው 2 ነው፣ ማርቆስ።

ለዒድ ደግሞ አትቸኩሉ። ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ የሚወስነው ጨረቃ ነው። በ29ኛው ቀን አመሻሽ ላይ «ዒድ ሙባረክ» የላከ ሰው፣ ጨረቃ ካልታየች ለነገም ስሑር ለሚነሳ ጎረቤት ነው የላከው።

የመላእክትና የቅዱሳን ሥዕል ያለበትን ካርድ ለፕሮቴስታንት ባልደረባ አትስጡ። ለአለቃ ከ«ክቡር» የሚጀምር ደብዳቤ አያስፈልግም።

አሁን የምነግራችሁን ጥፋት እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ይሄን ቤት ከመክፈቴ በፊት ቢሮ እሠራ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጥ ባልደረባዬ ኅዳር ላይ እናቷ አረፉባት። ለቅሶ ደርሻለሁ፣ አብሬ አልቅሻለሁ። ገና ሲመጣ ግን ስልኬ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ መርጬ ለሁሉም አንድ ጽሑፍ ላክሁ፦ «ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በሳቅና በጨዋታ የተሞላ በዓል ይሁንልዎ»። የእሷም ስም እዚያ ውስጥ ነበር። «አሜን» ብቻ ብላ መለሰች። በኋላ እንደሰማሁት፣ ያን ዓመት ቤታቸው ዶሮም አልተሠራም፣ ቄጠማም አልተጎዘጎዘም። ሐዘን ያለበት ቤት የመጀመሪያው በዓል እንዲህ ነው። ይሄንን እያወቅሁ ነው የላክሁት፤ ሳልልክ በፊት ስሟን ለይቼ ስላላየሁ።

ስለዚህ አሁን ማንኛውም በዓል ሳይደርስ ወረቀት ላይ ስም እጽፋለሁ። ከባለፈው በዓል ወዲህ ሐዘን የገባበትን፣ የታመመ ያለበትን፣ የተጣላ ወይም የተፋታ ያለበትን ቤት ለብቻ አወጣለሁ። ለእነሱ የምጽፈው ከሌላው ይለያል። ለዚያች ባልደረባዬ በፋሲካ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

«ለትንሣኤው እንኳን አደረሰሽ። እናትሽ የሌሉበት የመጀመሪያው ፋሲካ እንደሆነ አውቃለሁ። ለቢሮ ይልኩልን የነበረውን ድፎ ዳቦ ሁልጊዜ አስበዋለሁ። ከሰዓት መጥቼ ቡና አብረን እንጠጣ።»

ሰው የሞተበትን ሰው ስለ ሟቹ ማንሳት ያስከፋዋል ብለው የሚፈሩ አሉ። እሷን የከፋት እናቷ እንዳልነበሩ ሆነው መቅረታቸው ነው። ሳቅና ጨዋታ የሚሉ ቃላትን ተዉአቸው። «እመጣለሁ» ካላችሁ ደግሞ ሂዱ፤ የማትሄዱ ከሆነ አትጻፉት። እኔ ሄድኩ። ቡናው ላይ የዳቦውን አሠራር ስታስረዳኝ አመሸን።

የቢሮ ግሩፕ ላይ የተለጠፈ አንድ መልእክት ለሃያ ሰው የተላከ ሰላምታ አይደለም። ለሃያ ሰው መጻፍ ካልቻላችሁ ለአምስት ጻፉ። ሌሎቹን በዓሉ ሲያልፍ ቢሮ ስትገናኙ በአካል እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ በሏቸው።

ካርድ ፈልጋችሁ ወደ እኔ ከመጣችሁ ውስጡ ባዶ የሆነውን ውሰዱ። እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ እዚያው ተቀምጣችሁ ጻፉ።