የድምፅ ቅንጥቦች መጋጠሚያ እንዳይሰማ

ከቃለ መጠይቅ ቅጂ ውስጥ አንድ «እእእ» ቆርጠን ስናወጣ በመጋጠሚያው ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚሰማው፣ የድምፁ ሞገድ በተቆረጠበት ቦታ ላይ ከአንድ ከፍታ ወደ ሌላ በድንገት ስለሚዘል ነው። መፍትሔው ክሮስፌድ ነው፤ ይኸውም የፊተኛው ቅንጥብ መጨረሻ እየደከመ ሲሄድ፣ የኋለኛው መጀመሪያ በላዩ ተደርቦ ቀስ በቀስ እንዲጎላ ማድረግ ነው። ለንግግር ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ በጣም ከረዘመ የሁለት ቃላት ጫፎች ተደርበው ይሰማሉ።

ተናጋሪው «ወደ ገበያ እእእ ትናንት ሄድኩ» ብሎ ከሆነ፣ ቆረጣው «ትናንት» ከሚለው ቃል «ት» በፊት ቢያበቃ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ምላስ ይህን ድምፅ ለማውጣት አየሩን ሲዘጋ ለቅጽበት ጸጥታ ስለሚፈጠር፣ መጋጠሚያው እዚያ ውስጥ ይሸሸጋል። እስትንፋስን መሃል ላይ መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እኔ እንደማምነው ከ«ቀጭታው» ይበልጥ ቆረጣን የሚያጋልጠው የተጎመደ እስትንፋስ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ከጀርባ ያለው ድምፅ፣ ለምሳሌ የማቀዝቀዣ እምምታ ወይም የመኪና ጩኸት፣ በሁለቱ ቅንጥቦች ሲለያይ ነው። በዚህ ጊዜ አጭሩ ክሮስፌድ «ቀጭታውን» ቢያጠፋም የክፍሉ ድምፅ ሲቀየር ይታወቃል፤ ስለዚህ ቃል በሌለበት ክፍተት ላይ መደራረቡን ወደ 200 ሚሊሰከንድ ማስረዘም ያስፈልጋል። ቅንጥቦቹን በቀጥተኛ መስመር ማድከምና ማጉላት የመደራረቡ መሃል ላይ የጀርባውን ድምፅ በ3 ዴሲቤል ገደማ ስለሚያጎድለው፣ «Equal Power» የተባለው ኩርባ ይመረጥ። በመጨረሻም ከመጋጠሚያው 5 ሰከንድ ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ስክሪኑን ሳይመለከቱ፣ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይገባል።